ውኃ የወሰደው ማሳ

አያቷ ኳሱን ጆሮዋ ሥር አስጠግተው ቀስ ብለው ነቀነቁት።

«እስቲ ምን ይላል?»

ኒንባንዳ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። አሥራ አራት ዓመቷ ነው፤ በጓደኞቿ ፊት እንደ ሕፃን ጆሮዋን ማስጠጋት አልነበረባትም። ግን አስጠጋች። ከጭቃው ኳስ ውስጥ ያ የምታውቀው ድምፅ ተሰማት፤ ኮሽ፣ ኮሽ።

«ገብስ ይላል፣ አባባ።»

«ጎሽ። ጆሮሽን ከተማው አልበላውም ማለት ነው።»

በኡሩክ ከተማ፣ የሰማይ ቤት በሚባለው መቅደስ ግቢ ውስጥ፣ የየመንደሩ ሽማግሌዎች አህዮቻቸውን አስረው ተሰልፈዋል። ሁሉም ቡጢ የሚያህል የደረቀ የጭቃ ኳስ ደረታቸው ላይ ታቅፈዋል። ኳሱ ውስጡ ባዶ ነው፤ በዘር ወቅት መንደሩ ለመቅደሱ ለመስጠት ቃል የገባው ገብስ በትንንሽ የጭቃ ጠጠሮች ተመስሎ እዚያ ውስጥ ተዘግቶበታል። ሾጣጣዋ ጠጠር ትንሹ መስፈሪያ ናት፤ ድቡልቡሏ ትልቁ። ከላይ የሁለቱም ወገን ማኅተም ዙሪያውን ተንከባሎበታል። የአያቷ የኡርኪሳል ማኅተም በተምር ዛፍ ግራና ቀኝ የቆሙ ሁለት ፍየሎች ነው። ኳሱን ሳይሰብር አንዲት ጠጠር መጨመርም ሆነ መቀነስ የሚችል ሰው አልተወለደም። ነጋዴዎች እንኳ መዳብ በጀልባ ሲልኩ ይህንኑ ኳስ አብረው ይልኩ ነበር፤ ጀልባ ቀዛፊው እጁ እንዳያመልጠው።

ዛሬ ግን ኳሶቹ ሁሉ ተሰብረው ቁጥራቸው ወደ ጭቃ ሰሌዳ ይገለበጣል። ከእንግዲህ ኳስ የሚባል ነገር የለም።

ኒንባንዳ በመቅደሱ የጽሕፈት ቤት ከገባች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ያስገቧት ራሳቸው አያቷ ናቸው፤ «ጣቷ ቀልጣፋ ነው፤ ጠጠር ስትድበለብል አይቻታለሁ» ብለው። እውነታቸውን ነው። ስታድግ ጠጠር መሥራት የእሷ ድርሻ ነበር።

እነዚያ ቀኖች እንዴት ደስ ይሉ ነበር! ገብሱ ሲታጨድ የመቅደሱ ሰው ራሱ መንደር ድረስ ይመጣል። በተምሮቹ ጥላ ሥር ሰሌን ይነጠፍለታል። ኳሱ በሁሉም ፊት ይሰበርና ጠጠሮቹ ሲንከባለሉ ልጆች ይሻማሉ፤ አያቷም «እጃችሁን ሰብስቡ፣ እናንተ አይጦች!» ይላሉ። ያን ዓመት ወንዙ ሞልቶ ማሳ በልቶ ከሆነ ክርክር ይነሳል። ከዚያ ሽማግሌውና የመቅደሱ ሰው አብረው ይወርዳሉ፤ ደለሉ በተምሮቹ ግንድ ላይ የተወውን ምልክት በዓይናቸው ያያሉ፤ ተመልሰውም ከአንድ ማሰሮ ጠላ በረጃጅም መቃ እየመጠጡ ይስማማሉ። የኳሱ ስብርባሪ አይጣልም። ውኃ ውስጥ ይነከርና ልጆች በእግራቸው ያቦኩታል፤ ከዚያው ጭቃ የአዲሱ ዓመት ኳስ ይሠራል። ኒንባንዳ ያ ቀዝቃዛ ጭቃ በጣቶቿ መሃል ሲሽሎከሎክ አሁንም ይሰማታል። ሁልጊዜ ይናፍቃታል።

«የታችኛው ቦይ መንደር!» የሚል ጥሪ ተሰማ።

የጎተራው ሹም ሉባራ በአጭር በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው በእንቅልፍ እጦት ቀልቷል። ኳሱን ተቀብለው ማኅተሞቹን አገላብጠው አዩና በድንጋይ መቱት። ጠጠሮቹ ሰሌኑ ላይ ተበተኑ። ኒንባንዳ ሳታስበው ጎንበስ ልትል ነበር።

«ልክ ነው። ማኅተሙ አልተነካም፤ ጠጠሮቹም ሙሉ ናቸው» አሉ ሉባራ።

«ልክስ ልክ ነው፣ ጌታዬ» አሉ አያቷ። «ግን ይህ በዘር ጊዜ የተባለ ነው። አጨዳ ልንጀምር ስንል ወንዙ መጣ። የታችኛውን ማሳ እንዳለ ወሰደው። አንድ ዘለላ እንኳ አላነሳንም። ድሮ እኮ ሰው ይላክና ያይ ነበር።»

ሉባራ አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻል ነበር።

«አባቴ ኡርኪሳል፣ ድሮ መንደሩ ጥቂት ነበር። ሁሉንም በመልክ እናውቃቸው ነበር። ዛሬ መልካቸውን አይቼ የማላውቃቸውን መንደሮች ነው የማስተዳድረው። ሸማኔዎቹ፣ ቦይ ቆፋሪዎቹ፣ ለመዳብ ሽቅብ የሚቀዝፉት፣ ሁሉም የሚበሉት ከዚህ ጎተራ ነው። የሚቀበሉትም ሰሌዳው ባለው ልክ ነው። የሁሉንም አፍ ካዳመጥኩ እስከ መቼ ነው? በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል።»

«ታዲያ ይጻፍልን። ወንዙ መጣ ብላችሁ ጻፉልን።»

«እንዲህ የሚል ምልክት የለንም።» ሉባራ ወደ ኒንባንዳ ዞሩ። «የመንደሩ ልጅ ነሽ፤ የማሳውን ምልክት ታውቂዋለሽ። ጽፈሽ ጭቃው ሳይደርቅ አምጪ። ማኅተም አደርግበትና ለላይኞቹ ሹማምንት ይገባል። እነሱ የሚያዩት ሰሌዳውን ብቻ ነው፤ እኔም ሰሌዳው ላይ ለሌለው መናገር አልችልም።»

አያቷ ከሰሌኑ ላይ አንዲት ሾጣጣ ጠጠር አንስተው መዳፋቸው ውስጥ ጨበጧት።

ኒንባንዳ የቀረውን ማንም ሳይነግራት ታውቀዋለች። ገብሱ ከጎደለ ጉድለቱ በጉልበት ይሞላል። አምና ከጎረቤት መንደር ልጃገረዶች ወደ መቅደሱ ሽመና ቤት ተወስደዋል፤ እስካሁን አልተመለሱም። በመንደራቸው ደግሞ ለሽመና የደረሰችው የመጀመሪያዋ ልጅ ታናሽ እህቷ ኢጊ ናት።

በግድግዳው ጥላ ሥር ተቀምጣ እርጥቡን ጭቃ በመዳፏ ማለስለስ ጀመረች። አብሯት የሚማረው ሺቱር መጥቶ አጠገቧ ዘፍ አለ።

«ምነው ፊትሽን አጠቆርሽው?»

ነገረችው።

«ኧረ ባክሽ! ለዚህ ነው? ሁለት ጉድጓድ ቀንሺያ። ጭቃው እርጥብ ነው፤ በአውራ ጣትሽ ጠቅ አድርገሽ ማጥፋት ነው። ጠጠሮቹ እንደሆኑ ተቀላቅለዋል፤ ማን ያውቃል?»

«አንተ እንኳን ገብስ መቀነስ ገብስ መቁጠርም አታውቅም።»

«አሁን ይህ ምን አመጣው?»

«ትናንት ገብሱን እንደ በግ ቆጥረህ አይደል ሉባራ ሰሌዳህን ያፈረሱት? በግ ሲሆን አሥሩ ትንንሽ ምልክት አንድ ክብ ጉድጓድ ይሆናል፤ ገብስ ሲሆን ግን ስድስቱ።»

«እሺ ባክሽ፣ ሊቅ» አለ ሺቱር እየሳቀ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ግን የምሬን ነው፣ ኒን። እህትሽ ናት እኮ።»

እህቷ ናት። ኒንባንዳ የመጻፊያ መቃዋን አነሳች። በመቃው ጫፍ ዘንበል አድርጎ መጫን ትንሹ መስፈሪያ ነው፤ ቀጥ አድርጎ መጫን ትልቁ። አንድ ጉድጓድ ብትተው ኢጊ ቤቷ ታድራለች። በጣም ቀላል ነው። የጭቃው ኳስ ይህን ማድረግ አያስችልም ነበር። እሱ የሚሰበረው በሁሉም ፊት ነው። ሰሌዳው ግን በእሷ እጅ ብቻ ነው ያለው፤ ሰሌዳውን የሚያይም የሚያምነው እሷን ብቻ ነው። ይህ አስፈራት። ዛሬ ለእህቷ ብላ የቀነሰችውን፣ ነገ ሌላ ጸሐፊ ለሆዱ ብሎ ሊጨምረው ይችላል። ያን ጊዜ አያቷ ምን ብለው ይከራከራሉ? የሚሰብሩት ኳስ እንኳ የላቸውም።

ደግሞም ውሸት ነው። ወንዙ ያደረገውን ይደብቃል እንጂ አይናገርም። አያቷ የለመኑት እንዲቀነስላቸው አልነበረም፤ እንዲጻፍላቸው ነበር።

ወንዙ መጣ። እውነትም እንዲህ የሚል ምልክት የለም። ጽሕፈቱ ወሬ አያወራም፤ የሚያውቀው ስንትና ምን ብቻ ነው። የገብስ ዘለላ አለ። በቦይ የተሸነሸነ ማሳ አለ። በየቀኑ እየደጋገሙ ከሚለማመዷቸው ምልክቶች መሃል ደግሞ ውኃ አለ፤ ሁለት የሚታጠፉ መስመሮች። ውኃን እስካሁን ከማሳ ጋር ያስቀመጠ ሰው አላየችም። አስቀምጡም፣ አታስቀምጡም ብሎ የነገራት ሰው ግን የለም።

ሰሌዳው ላይ መሃል ለመሃል መስመር አሰመረች።

ሺቱር አንገቱን አሰገገ። «ምን እያደረግሽ ነው? የአንድ መንደር በአንድ ክፍል ነው የሚጻፈው!»

«ሁለት ማሳ ነው ያላቸው።»

ከላይኛው ክፍል ማሳውን ሣለች፤ ከአጠገቡ የገብስ ዘለላ፤ ከዚያም ከዚያ ማሳ የደረሰውን ገብስ አንድም ሳትቀንስ አንድም ሳትጨምር ጫነች። ከታችኛው ክፍል ሌላውን ማሳ ሣለች። በጎኑ ከዚህኛው ማሳ ቃል የተገባውን ገብስ ልክ በኳሱ ውስጥ እንደነበረው ጫነች። ከዚያ ማሳው ላይ ሁለቱን የውኃ መስመሮች ሳበች። መስመሮቹ ከተማሩት በላይ ተጠማዘዙ። አላስተካከለቻቸውም። ሰሌዳውን ገልብጣ ከጀርባው እንደ ሕጉ የሁለቱን ክፍሎች ድምር አሰፈረች። ምንም የጎደለ የለም።

«ሉባራ ያፈርሱብሻል» አለ ሺቱር። «ከዚህም ያስወጡሻል። ደግሞ እህትሽ ልትወሰድ ትችላለች።»

«አውቃለሁ።»

ይህን ብላ በልማድ ሰሌዳውን አንስታ ጆሮዋ ሥር አደረገችው። ምንም ድምፅ የለውም። ሕይወቷን ሙሉ ያ ኮሽታ እንደሚናፍቃት ገባት።

አያቷ አህያዋ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ነበር። ሄዳ ሰሌዳውን ሁለት መዳፏ ላይ አድርጋ አሳየቻቸው። ማንበብ አይችሉም፤ በዕድሜያቸው ሙሉ የቆጠሩት በጣት ነው። ዓይናቸውን አጥብበው ተመለከቱት። የተሰነጣጠቀው ጣታቸው ጭቃውን ሳይነካ በላዩ ላይ ሄደ። ጉድጓዶቹን አለፈ፤ ዘለላውን አለፈ። ከታች ሲደርስ ቆመ።

«ይቺ ወንዛችን አይደለችም እንዴ?»

«ናት፣ አባባ።»

«ማሳዬ ላይ ተኝታለች።»

«አዎ።»

ሽማግሌው የጨበጧትን ሾጣጣ ጠጠር አውጥተው እጇ ውስጥ አኖሩላት። በልጅነቷ ራሷ የሠራቻት ትሁን ሌላ አታውቅም፤ ግን በአንድ በኩል የትንሽ ጣት አሻራ ነበረባት።

ከግቢው ወዲያ ሉባራ ማኅተማቸውን ይዘው እየጠበቁ ነው። «ይህ ደግሞ ምንድን ነው?» ማለታቸው አይቀርም። ኒንባንዳ ጠጠሯን መቀነቷ ውስጥ ቋጠረች፤ ሰሌዳውን ጭቃው ሳይደርቅ ይዛ መልሱን ልትነግራቸው ሄደች።