ሐመራና የጭጋጉ ድምፅ

የዚያን ዕለት ንጋት በጌልሞራ ነጋሪት አልተጎሰመም። ሐርጋፍ የተባለው የጭጋግ አውሬ ሌሊቱን በተነሣ ዐውሎ ነፋስ መካከል ከሲቃር ተራራ ወርዶ፣ ታላቁን ነጋሪት ከግንቡ አናት ነቅሎ ወስዶት ነበር።

ነጋሪቱ የመብረቅ ድምፅ ታስሮበታል ይባላል። በየማለዳው ሲያስገመግም ጭጋጉ ወደ ተራራው ይሸሻል፤ ገበሬው ወደ እርሻው፣ ነጋዴው ወደ ገበያው ይወጣል። አሁን ግን ጭጋጉ እስከ ከተማዋ በር ድረስ ወርዶ ተኛ። ጭጋጉም ድምፅ ነበረው፤ እያንዳንዱን ሰው አጥብቆ በሚናፍቀው ሰው ድምፅ ይጠራዋል። አንዲት ሸማኔ የሞተ ባሏ ሲጠራት ሰምታ ሥራዋን ጥላ ወጣች፣ አልተመለሰችም። አንድ የግንብ ዘበኛ በእናቱ ድምፅ ተጠርቶ ጋሻውን ጥሎ ሄደ። ጋሻው ብቻ ተገኘ።

ንጉሥ አዛርድ መኳንንቱን ሰበሰበ። ነጋሪቱን ከንጉሥ ዘር በቀር ማንም ሊነካው አይችልም፤ የሌላ ሰው እጅ ከነካው ይደርቃል። ንጉሡ በጦርነት እግሩ የተሰበረ ሰው ነበርና ተራራ መውጣት አይሆንለትም። የቀሩት ሁለት ልጆቹ ነበሩ፤ ታላቋ ሐመራና ታናሽ ወንድሟ ኤልሳር።

«ከልጆችዎ አንዱ ይሂድ፣ ግርማዊ ሆይ» አሉ የመኳንንቱ አለቃ። «ማንን ይመርጣሉ?»

«ሐመራ ትሂድ» አለ ንጉሡ።

ትንፋሽ እንኳ አልወሰደም። መኳንንቱ ንጉሡ ልጁን ለሞት ሲሰጥ ጥቂት ያመነታል ብለው ጠብቀው ነበርና አንገታቸውን ደፉ። ከዙፋኑ አጠገብ የተቀመጠችው እናታቸው ንግሥት ታሌ እጇ ወደ ኤልሳር ትከሻ ሄዶ አረፈ። ሐመራ ይህን ሁሉ አየች። ተንበርክካ፣ በጠራ ድምፅ፣ «በጌልሞራ ምድርና በሕዝቧ ስም እምላለሁ፤ ነጋሪቱን ሳልይዝ አልመለስም» አለች። ጎበዝ ተባለች።

የወላጆቿ ማዳላት የዚያን ዕለት አልተጀመረም። በማዕድ ላይ የእናታቸው የመጀመሪያ ጉርሻ ሁልጊዜ ለኤልሳር ነበር። እሱ ብርሌ ሲሰብር «ልጅ አይደል!» ተብሎ ይሳቅለታል፤ እሷ በዚያው ዕድሜዋ ስትሰብር ግን «ትልቅ ሴት ሆነሽ!» ትባል ነበር። እሱ ከፈረስ ሲወድቅ «አንቺ የት ነበርሽ?» ትባላለች። እሷ በጦር ውርወራ መኳንንቱን ሁሉ ስታሸንፍ አባቷ ራሱን ነቅንቆ «መልካም፤ አሁን ለወንድምሽ አሳዪው» ይላታል። አንድ ቀን ደፍራ ጠይቃ ነበር። «ሁለታችሁንም እኩል ነው የምንወደው» አለቻት እናቷ፣ ከኤልሳር ፀጉር ላይ ዓይኗን ሳታነሣ። ከዚያ በኋላ አልጠየቀችም። መጠየቁ ራሱ እንደ ክፋት ተቆጥሮባት ነበርና።

በአባቷና በእናቷ መቆጣት አልቻለችም፤ ፍቅራቸውን ገና ትጠብቅ ነበር። ስለዚህ ቁጣዋን ሁሉ ወደ ወንድሟ አዞረችው። ሰው በሌለበት ታንኳስሰዋለች፤ ሊጫወት ሲመጣ በሩን ትዘጋበታለች። እሱ ደስ ሊያሰኛት ብሎ በውርወራ ሆን ብሎ ሲሸነፍላት ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ይህ ያንገበግባት ነበር።

ወደ ሲቃር ስትነሣ ከእሷ ጋር የሄደው፣ ጦር ውርወራ ያስተማራት ሽማግሌው ጋሻ ያዥ ዶርቃ ብቻ ነበር። ሁለቱም ጆሯቸውን በሰም ደፍነው በጭጋጉ ውስጥ አለፉ። ከጭጋጉ በላይ ወዳለው ጠርዝ ሲደርሱ ሰሙን አወጡ። ያን ጊዜ ከኋላቸው የፈረስ ኮቴ ተሰማ። ኤልሳር ነበር፤ ፈረሱ በላብ ርሷል፤ ጆሮውን የደፈነበትን ሰም እያወጣ ቀረበ።

ሐመራ ደሟ ፈላ። «ምን ልታደርግ መጣህ?»

«ብቻሽን እንድትሄጂ አልፈልግም፣ እታለም።»

«አንድ ነገር ለእኔ ቢተውልኝ ምን አለበት? ሞቱን እንኳ ልትካፈለኝ ነው? ስንመለስ ነጋሪቱን ያመጣው ኤልሳር ነው ይባላል። ታውቀዋለህ!»

«አውቀዋለሁ» አለ ኤልሳር ቀስ ብሎ። «ሲያመሰግኑኝ ሁልጊዜ የማየው የአንቺን ፊት ነው። በሠራሁት ነገር ተደስቼ አላውቅም። እኔ ስወደስ አንቺ ትርቂኛለሽ። አባታችን 'ሐመራ ትሂድ' ሲል ደስ ያለኝ መሰለሽ? አፈርኩ።»

«እንግዲያው ለምን ዝም አልክ?»

ኤልሳር በልጅነቱ አንድ ጊዜ ስለ እሷ ተሟግቶ ነበር፤ እናቱ «እንዴት ያለ ቸር ልጅ ነው» ብላ አቀፈችው፤ ሐመራ ደግሞ «ልብሽ ከልቡ ይማር» ተባለች። ከዚያ ወዲያ ዝምታ ይሻላል ብሎ ነበር።

ዶርቃ በመካከላቸው ገባ። «ልዕልቴ፣ ልዑሌ፣ ይስሙኝ። ሐርጋፍ በሚኖርበት ዋሻ ውስጥ ጭጋጉ በድንጋይ ስንጥቅ ይገባልና ሰም አያግደውም፤ ድምፁ ከጆሮ አልፎ በአጥንት ይሰማል። አንድ ሰው ብቻውን አይወጣም። በገመድ ታስረው አብረው ይግቡ። ሌላም አለ። ነጋሪቱ በክፍት ሰማይ ሥር እንጂ በጣሪያ ሥር አይመታም። የመጀመሪያው ጎሳሚ ያንን ዘንግቶ በአዳራሽ ውስጥ መታው። መብረቁ ጠላቶቹን ፈጀ፤ የመቺውን የራሱን ጆሮ ግን ወሰደ፤ እስኪሞት አልሰማም።»

ሐመራ የገመዱን አንድ ጫፍ በወንድሟ ወገብ ላይ አሰረች፤ ሌላውን በእጇ ላይ ጠመጠመች። እንዳይተያዩ ፊቷን አዙራ አሰረችው። ዶርቃ ከፈረሶቹ ጋር ውጭ ቀረ።

የሲቃር ዋሻ ሰፊና እርጥብ ነበር። ወለሉ ግማሽ መንገድ ላይ ተሰንጥቆ ታች የማይታይ ገደል ሆኖ ነበር፤ ከገደሉ ማዶ ሳይሆን ከወዲህ፣ በግራ በኩል ባለ ድንጋይ ላይ፣ ታላቁ ነጋሪት ተቀምጧል። ከገደሉ ውስጥ ሐርጋፍ ተነሣ። ክንፍ እንጂ ፊት አልነበረውም። አልዘለለም፣ አልነከሰም። ተናገረ እንጂ።

«ልጄ» አለ፤ በንግሥት ታሌ ድምፅ። «የእኔ ጀግና። ምን ያህል እንደምኮራብሽ ሳልነግርሽ ቀረሁ።»

ሐመራ ቆመች። ዕድሜዋን ሙሉ የጠበቀችው ቃል ይህ ነበር። እናቷ እንዳልሆነች ታውቃለች። ቢሆንም ሰማች።

«እሱን ተይው» አለ ድምፁ። «እሱ ባይኖር ዓይኔ ወዴት ያይ ነበር? አንቺን ብቻ።»

ኤልሳር ከፊቷ ወደ ገደሉ እየተራመደ ነበር። ገመዱ በእጇ ላይ እየተወጠረ መጣ። ሐመራ ገመዱን አየችው። ከዚያ አንድ ዙር ፈታች። ሌላም ዙር ፈታች። ማንም አላስገደዳትም፤ ጭጋጉም እጇን አልያዘውም። ገመዱ ከመዳፏ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ።

በዚያን ጊዜ ኤልሳር ድምፁን ከፍ አድርጎ ለገደሉ መልስ ሰጠ።

«እመጣለሁ፣ እታለም! እውነትሽን ነው? ከእንግዲህ በሩን አትዘጊብኝም?»

ሐመራ ከኋላው ነበረች። ከገደሉ ውስጥ የሚጠራው የእሷ ድምፅ ነበር። እናቷ የምትሳሳለት፣ አባቷ ለሞት የማይሰጠው ይህ ልጅ፣ በዓለም ላይ አጥብቆ የሚናፍቀው የእሷን ድምፅ ነበር። ተጣራች፤ አልሰማትም። ሮጣ ልትይዘው ብትል ገደሉ ይቀድማታል። ነጋሪቱ ግን በእጇ ርቀት ላይ ነበር።

ከላይዋ ያለውን የድንጋይ ጣሪያ ተመለከተች። «ልጄ፣ አትምቺው» አለ የእናቷ ድምፅ፤ «ከመታሽው ይህን ቃል ዳግመኛ አትሰሚም።»

ሐመራ ከነጋሪቱ ጎን የነበረውን መምቻ በሁለት እጇ አንሥታ ነጋሪቱን መታችው።

መብረቁ ከታሰረበት ወጣ። ዋሻው ተናወጠ፣ ሐርጋፍ እንደ አሮጌ ጨርቅ ተተረተረ፣ ጭጋጉም በስንጥቆቹ እያፏጨ ጠፋ። ኤልሳር በገደሉ አፍ ላይ ተደፍቶ ጆሮውን ይዞ ጮኸ፤ መራመዱን ግን አቁሟል። ሐመራ የመጨረሻ የሰማችው የራሷን ምት ነበር። ከዚያ ዝምታ ሆነ፤ ከጆሮዋ ደም ወረደ።

በመመለሻው መንገድ ላይ ዶርቃ ፈረሶቹን ሲያጠጣ ሐመራ ከወንድሟ ፊት ቆመች። የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ ጮክ ብላ ተናገረች።

«ገመዱን ለቅቄው ነበር። ሾልኮ አይደለም፤ እኔ ነኝ የፈታሁት።»

የኤልሳር ከንፈር ሲንቀሳቀስ አየች፤ አንድ ቃል ብቻ ነበርና ገባት። «አውቃለሁ።» ፊቱ አመድ መስሎ አለቀሰ፤ እስከ ማታ ድረስም ከእሷ ርቆ ጋለበ። በማግስቱ ፈረሱን አስጠግቶ ከጎኗ ሄደ። ይቅር ብሎኛል ብላ አላሰበችም። አጠገቧ መሆኑ ግን ይበቃት ነበር።

ከተማዋ በእልልታ ተቀበለቻቸው። ጭጋጉ ከሸለቆው ጨርሶ ጠፍቶ ነበር። ንጉሡ በዱላው እየተደገፈ ወረደ፣ ንግሥቲቱም ከፊቱ እየሮጠች፣ ሁለቱም ኤልሳርን አቀፉት። ፊቱን ዳሰሱት፣ እጁን ሳሙት። ሐመራ ነጋሪቱን ተሸክማ ቆማ ጠበቀች።

ኤልሳር ራሱን ከእቅፋቸው አስለቀቀ። «ነጋሪቱን የያዘው ማን ነው?» አለ። «እኔን ያወጣችኝ እሷ ናት። ጆሮዋን ሰጥታ ነው ያወጣችኝ። አትሰማም፣ አባቴ ሆይ። እናቴ ሆይ፣ አትሰማችሁም!»

ንጉሡ በሕዝብ ፊት ዱላውን ጥሎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ንግሥት ታሌ ግን ወደ ሐመራ ቀርባ እጇን ያዘች። ልጇ እንደማትሰማ ባወቀች ጊዜ፣ ለዓመታት በልቧ የደበቀችው ነገር ወጣ።

«ስወልድሽ ታምሜ ነበር» አለች። «ለሞግዚት ሰጡሽ። ስድን ስጠራሽ ከእኔ ሸሽተሽ ወደ እሷ ሮጥሽ። ተቀየምኩሽ። ኤልሳር ሲወለድ ከእቅፌ አልወረደም፤ እሱ ወደ እኔ ሮጠ። አንቺን ባየሁ ቁጥር ያቺ ስትሸሸኝ የነበረችው ልጅ ትታየኛለች። እኔ እኮ...»

«አልሰማችም» አለ ኤልሳር።

«አውቃለሁ፤ ለዚህ ነው የተናገርኩት።»

«እንግዲያው እስክትረዳ ድረስ ደጋግመሽ ትናገሪዋለሽ። እንደ ልማዴ ዝም አልልም።»

ንግሥቲቱ በሕዝብ ፊት አፈረች። ወዲያ ልትዞር ፈለገች፤ ልጇ አላሳለፋትም። ስለዚህ በሐመራ ፊት ቆማ፣ ከንፈሯን በግልጽ እያንቀሳቀሰች፣ ደግማ ደጋግማ ተናገረችው። ሐመራ ግንባሯን ቋጥራ ትከታተል ነበር። መጀመሪያ «ሞግዚት» የሚለው ገባት። ከዚያ «ሸሽተሽ»። በመጨረሻም «ተቀየምኩሽ»።

ሐመራ ነጋሪቱን ቀስ አድርጋ መሬት ላይ አስቀመጠችው። በእናቷ ፊት ላይ ጠርጥራው የማታውቀውን ድካም አየች።

«ገና መራመድ የጀመርኩ ሕፃን ነበርኩ፣ እናቴ» አለች።

ድምፅዋ ከፍ ብሎ በአደባባዩ ሁሉ ተሰማ፤ እልልታውም ቆመ።