ሳያት አንቱ የተባለችበት ቀን

ልጆች፣ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ የምነግራችሁ የአንዲት ደህና ልጅ ነውር ነው፤ በሰንበት ደግሞ የሰው ነውር አይወራም። ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ባሰብኩት ቁጥር ይበልጥ ልናገረው አማረኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ጠጋ በሉ።

ልጅቷ ሳያት ትባላለች። ዕድሜዋ አሥር ዓመት ነው። ቤቷ መቱ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ነው። ሳያት ጎበዝ ናት። መልሷ ፈጣን ነው፤ አንዳንዴ ከጥያቄው ቀድሞ ይደርሳል።

ጥምቀት ሊደርስ ጥቂት ቀን ሲቀረው የሰንበት ትምህርት ቤቱ ከበሮ ተቀደደ። ማን እንደቀደደው አልታወቀም። ማን እንደተቀመጠበት ብቻ ነው የታወቀው። መምህር መክብብ አዘኑ።

«ከበሮ ካልተገኘ ዘንድሮ ልጆች በታቦቱ ፊት አትዘምሩም» አሉ። «ከሕዝቡ ጋር ከኋላ ሆናችሁ ታጨበጭባላችሁ።»

ጎሬ ላይ ግን እማማ ትብለጥ የሚባሉ አሮጊት ነበሩ። ዕድሜያቸው ከሰማንያ አልፏል። ከሟች ባለቤታቸው የቀረ ትልቅ ከበሮ አላቸው። ባለቤታቸው ሲሞቱ «ይህ ከበሮ ለልጆች ብቻ ይዋስ፤ ትልቅ ሰው ገዝቶ ይምታ» ብለው ተናዘዋል። ስለዚህ ልጅ ተላከ። ለመናገር ሳያት ተመረጠች፤ ለመሸከም ታላቅ እህቷ ነፃነት።

ጠዋት እናታቸው ወጉን ነገረቻት።

«ደጅ ቆመሽ ትጣሪያለሽ። ግቢ ሲሉሽ ጎንበስ ብለሽ 'እንደምን አደሩ እማማ' ትያለሽ። ከቀትር በኋላ ከደረሳችሁ 'እንደምን ዋሉ' ነው። እጅሽን ቀድመሽ እንዳትዘረጊ። እሳቸው ሲሰጡሽ በሁለት እጅሽ ተቀበይ። እኔ እትዬ ነው የምላቸው፤ ላንቺ ግን እማማ ናቸው።»

«አውቃለሁ» አለች ሳያት።

«እኔ እኮ የምፈራው የሚያውቅ ሰው ነው» አለች እናቷ።

ሚኒባሱ የጎሬን ዳገት ሲጀምር ሳያት አሰበች። ልጆች፣ ማሰብ ጥሩ ነው። ዳገት ላይ ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

«ነፂ፣ በጸሎት እመቤታችንን ምን ብለን ነው የምንጠራት?»

«አንቺ ብለን።»

«እማማ ትብለጥ ከእመቤታችን ይበልጣሉ?»

«ዝም በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«አይበልጡም እኮ። ታዲያ እመቤታችንን አንቺ፣ እሳቸውን አንቱ ማለት ኃጢአት አይሆንም?»

ነፃነት በመስኮት ወደ ውጭ አየች። እኔም ይህን ስጠየቅ ሰዓቴን አያለሁ።

ጎሬ ደረሱ። ከእማማ ትብለጥ በር አጠገብ ጎረቤታቸው ኦቦ ኪቲላ አጥር ያጥራሉ። ሳያት ጎንበስ ብላ በኦሮምኛ፣ ለትልቅ ሰው በሚባለው አነጋገር «አካም ቡልተን» አለቻቸው። ኦቦ ኪቲላ ደስ አላቸው። በሩን ከፈቱላቸው።

እማማ ትብለጥ በረንዳው ላይ ወንበር ላይ ተቀምጠው ኮረሪማ ይፈለፍላሉ። ሳያት ደጅ አልቆመችም፤ አልተጣራችም። ቀጥ ብላ ሄዳ እጇን ዘረጋች።

«እንደምን አደርሽ?»

ነፃነት ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አሮጊቷ አልተቆጡም። ኮረሪማውን ከጭናቸው አራገፉ። ምርኩዛቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተነሡና «ኖር!» አሉ።

ልጆች፣ ይህን ታውቃላችሁ። ትልቅ ሰው ሲመጣ ትንሹ ብድግ ብሎ «ኖር» ይላል። ትልቁ «በእግዜር» ይላል። ያን ቀን ግን ሰማንያ ዓመት ለአሥር ዓመት ተነሣ። ሳያት ምን ያለች ይመስላችኋል?

«በእግዜር» አለች። ብላም ወንበሩ ላይ ተቀመጠች።

አትሳቁ። ወንበሩ ይመች ነበር።

«እንደምን አደሩ እመቤት?» አሉ እማማ ትብለጥ እንደ ቆሙ። «መንገዱ አልጎዳዎትም? ምን ልታዘዝ?»

ሳያት በሕይወቷ እንዲህ ተከብራ አታውቅም። እግሯ መሬት አልደረሰም፤ አወዛወዘችው።

«ከበሮ ልዋስ ነው የመጣሁት።»

«ለእርስዎ? አዬ፣ አይሆንም። የኔ ከበሮ ለልጆች ነው የሚዋሰው። እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው ገዝቶ ይመታል።»

«እኔ እኮ ልጅ ነኝ።»

«እንዴት ሆኖ? ዛሬ ገና አይተውኝ አንቺ አሉኝ። እንዲህ የሚለኝ እኩያዬ ነው፤ እኩዮቼ ደግሞ አብዛኞቹ አልቀዋል። ኖር ብልዎ በእግዜር አሉ። ልጅ ይህን ሁሉ ያደርጋል?»

ሳያት ቀና አለች። የእማማ ትብለጥ ጉልበት ሲንቀጠቀጥ አየች። እሳቸው ቆመዋል፤ እሷ ተቀምጣለች። የዘንድሮው ጥምቀት፣ የጓደኞቿ መዝሙር፣ የመምህር መክብብ ፊት፣ ሁሉም ትዝ አላት። ከወንበሩ ዘላ ወረደች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«ንቄዎት አይደለም» አለች። «እመቤታችንን አንቺ ስለምንላት ነው።» በሚኒባስ ያሰበችውን ሁሉ ተናገረች።

እማማ ትብለጥ ተቀመጡ። ፈገግ አሉ፤ አንቱታውን ግን አልተዉም።

«ጥያቄዎ ደግ ነው። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ ነው የሚያረጀው። ግን ስሙኝ። እመቤታችን እናትዎ ናት። እናት አንቺ ትባላለች፤ ከልጇ የሚያርቃት ነገር የለም። የወለደችዎትንም አንቺ ነው የሚሏት አይደል? እኔን ግን ዛሬ ነው ያገኙኝ። የማያውቁት ሰው ቤት ዘው ተብሎ ጓዳ አይገባም። አንቱ ማለት በር ማንኳኳት ነው። ግቢ የሚለው ባለቤቱ ነው። ለኪቲላ በቋንቋው በወጉ ሲያንኳኩ ሰምቻለሁ። ወጉስ አልጠፋዎትም።»

ሳያት ሮጣ ከግቢ ወጣች። ነፃነት ሸሸች ብላ ደነገጠች። ወዲያው ግን ከደጅ ድምፅ ተሰማ።

«ቤቶች?»

«ማነው? ግቢ» አሉ እማማ ትብለጥ።

ገባች። ራቅ ብላ ቆመች። ነጠላዋ መሬት እስኪነካ ጎንበስ አለች።

«እንደምን አደሩ እማማ?»

እጇን አልዘረጋችም። ጠበቀች። አሮጊቷ አንድ ኮረሪማ ፈለፈሉ። ሌላም ፈለፈሉ። መቼም ትልቅ ሰው ሲያስጠብቅ ያውቅበታል። ከዚያ ቀና አሉ።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንዴት አደርሽ፣ ልጄ?»

እጃቸውን ሰጧት። በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመችው። «አደርሽ» የምትለው ቃል እንደዚያ ቀን ጣፍጣት አታውቅም።

«ከበሮው ጓዳ ነው፤ እህትሽ ታውጣው» አሉ። «ስትመልሺው ራስሽ ነይ። ከዚያም በኋላ ነይ። ስንላመድ አንቺ በይኝ ብዬ እኔው እነግርሻለሁ።»

ሲመለሱ ሳያት ትምህርቱ ትንሽ በዛባት። የሚኒባሱን ረዳት፣ ጢም ያላበቀለውን ፋኦልን፣ «ከበሮውን የት ያስቀምጡልናል?» አለችው። ፋኦል ከተወለደ አንቱ ተብሎ አያውቅም። ኮሌታውን አስተካከለና ከበሮውን በራሱ ወንበር አስቀምጦ እሱ እስከ መቱ ቆሞ ሄደ። መንገድ የዘጋችውን ፍየልም «ይለፉ» ብላታለች የሚሉ አሉ፤ እኔ አላየሁም።

በጥምቀት ልጆቹ በታቦቱ ፊት ዘመሩ። ከበሮውን ሳያት መታች። እማማ ትብለጥ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ከጎሬ መጥተው ነበር፤ ከሁሉ ቀድመው እልል ያሉት እሳቸው ናቸው።

እንግዲህ ልጆች፣ አዲስ የምታገኙትን ትልቅ ሰው ጎንበስ ብላችሁ በአንቱታ ሰላም በሉ፤ ቅርበቱን የሚሰጣችሁ እሱ ነው፣ እናንተ አትውሰዱ።

አደራ፣ ይህን ታሪክ ለማንም እንዳትነግሩ። ወሬው ከወጣ አንቱ ለመባል ብሎ ጎሬ ሄዶ የሚያጠፋ ልጅ አይታጣም፤ ለእማማ ትብለጥ ጉልበት እዘኑ።