ቦራም የማትበረግግበት ፊልም

ከመጋቢት ጀምሮ ሀዎንና ቦራም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በእነዚህ ወራት የተነጋገሩት ተሰብስቦ ቢጻፍ ግማሽ ገጽ አይሞላም፤ ላጲስ አለሽ? ስንተኛው ገጽ ላይ ነን? መምህሩ መጣ። ሀዎን ከዋንዶ ደሴት ወደ ወደብ ከተማዋ ሞክፖ ከተዛወረች ወዲህ ክፍል ውስጥ ስሟ የሚጠራው አቴንዳንስ ሲያዝ ብቻ ነበር። የሚጠላት ሰው አልነበረም፤ ክፉ የተናገራትም የለም። እሷ ስትመጣ ሁሉም ጓደኛውን ይዞ ጨርሶ ነበር፣ ሌላ ምንም አይደለም።

ፈተናው አልቆ ዕረፍቱ እስኪገባ ድረስ መምህራኑ ውጤት ሲያስገቡ ተማሪው ፊልም ያያል። የክፍሉ አለቃ ጁንቴ መጋረጃውን ዘግቶ የመናፍስት ፊልም ከፈተ። ገና የመጀመሪያው ጩኸት ሲሰማ ቦራም ወንበሯን ገፍታ ወጣች።

«እናቷን ጥሩላት!» አለ አንዱ ከኋላ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ሀዎን ትንሽ ቆይታ ተከትላት ወጣች። ለምን እንደሆነ ራሷም አላወቀችም። ቦራም ኮሪደሩ ላይ መስኮቱ ሥር ቁጢጥ ብላ ነበር።

«አንቺም ፈርተሽ ነው?»

«አይ፣ አይቼዋለሁ። መጨረሻው ደካማ ነው።»

ቦራም ቀና አለች። «መጨረሻ ላይ ትኩረት ታደርጊያለሽ እንዴ? እኔ እኮ የምሞትለት እሱን ነው! ያመንኩት ሁሉ ግልብጥ ሲልብኝ። ግን መሃል ላይ ድንገት ‹ባ!› ሲሉብኝ ነፍሴ ትወጣለች። ስለዚህ መጨረሻውን ከኢንተርኔት አንብቤ ፊልሙን እተወዋለሁ።»

«ያማ ምን ዋጋ አለው?»

«አውቃለሁ! አቦ አታናድጂኝ።»

ሀዎን ሳቀች። ከዚያ በወራት ውስጥ ያላወራችውን ያህል አወራች። የሚያስበረግግ ፊልምና የሚያስፈራ ፊልም አንድ እንዳልሆኑ ነገረቻት። ቀስ ብለው የሚሄዱት ከሥሩ እንደሚሞቅ ወለል ናቸው፤ አንድ ኩባያ ከነበረበት ቦታ ይጠፋል፣ ባል የሚስቱን ስም ሲጠራ ትንሽ ይዘገያል፤ ተቀምጠሽ ታያለሽ፣ እግርሽ መቃጠሉን የምታውቂው ግን ዘግይተሽ ነው። የሚገለበጥ መጨረሻም ደግና ክፉ አለው። ክፉው መጨረሻ ላይ የማታውቂውን ሰው አምጥቶ «ገዳዩ እሱ ነው» ይልሻል። ደጉ ግን ሁሉንም ከመጀመሪያው ፊትሽ አስቀምጦታል፤ ደግመሽ ስታዪው አለመዋሸቱን ታረጋግጫለሽ።

ቦራም አፏን ከፍታ ስታዳምጥ ቆየች። «አንድ ምረጪልኝ። ግን የሚያስበረግግ ነገር ካለው አለቀልሽ።»

ሀዎን አላመነታችም። «‹ነጩ ክሊኒክ›ን እዪ። ሁለቴ አይቼዋለሁ። ምንም የለውም።»

በማግስቱ ቦራም ስትገባ ቦርሳዋን ሁለቱ ጠረጴዛዎች መሃል ጥላ ተቀመጠች።

«ሙድ ልትይዢብኝ ነው አይደል? ጁንቴ ነው የላከሽ?»

«ምን ሆነ?»

«ቁም ሣጥኑ! ስልኬን ወርውሬ ስክሪኑ ተሰነጠቀ። ወንድሜ ሲስቅብኝ አመሸ።»

ሀዎን የፊልሙን ቁም ሣጥን አስታወሰችው። በሩ ይከፈታል፣ ነጭ ካፖርት ተሰቅሏል። «ካፖርት ብቻ እኮ ነው…»

«ካፖርት? ሰማይ የተደረመሰ ነው የሚመስለው! ጆሮ የለሽም እንዴ አንቺ?»

ቦራም ይህን የተናገረችው በንዴት ነበር። ሀዎን ግን ቀኑን ሙሉ ያሰበችው ስለዚች አንዲት ጥያቄ ነው።

ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። እናቷ አረጋውያን በሚታከሙበት ሆስፒታል ሌሊት ትሠራና ቀን ትተኛለች። ሀዎን ፊልም የምታየው ከእናቷ ፍራሽ ሁለት ክንድ ርቃ፣ ድምፁን አጥፍታ፣ ከሥር የሚጻፈውን እያነበበች ነው። ማዳመጫ ሞክራ ታውቃለች። ግን እናቷ አንዳንዴ በእንቅልፍ ልቧ ትጠራታለች፤ ቶሎ «አቤት» ካላለቻት ትነቃለች፣ ከነቃች ደግሞ ተመልሳ አትተኛም። ከጊዜ ብዛት ሀዎን ድምፁ መጥፋቱን ራሱ ረስታው ነበር።

ያን ቀን ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ ብቻ አደረገች። ሌላውን ለእናቷ ተወችው። የቁም ሣጥኑን ቦታ ፈልጋ ድምፁን ከፈተች። ከክሊኒኩ ውጪ ዝናብ ይዘንባል፤ ሰዓት ይቆጥራል፤ ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል። ከዚያ የዝናቡ ድምፅ ተወሰደ። የሰዓቱም ተወሰደ። ማቀዝቀዣውም ዝም አለ። የፊልሙ ሴትዮ እጅ የቁም ሣጥኑን በር ነካ፤ የብረትና የቫዮሊን ጩኸት አንድ ላይ ፈነዳ። ሀዎን ጉልበቷን ከጠረጴዛው ጋር አጋጨች። ሥዕሉ ያው ነበር፤ ካፖርት።

«ሀዎንዬ…» አለች እናቷ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«አቤት እማ፣ አለሁ።»

እናቷ ዞራ ተኛች።

ከዚያ በኋላ የምትወዳቸውን ፊልሞች እንደ አዲስ በአንድ ጆሮ ማየት ጀመረች። ምልክቱን ለየችው። ድምፆች አንድ በአንድ ሲቀነሱ፣ ካሜራው ከሰውየው ትከሻ ኋላ ባዶ ቦታ ሲተው፣ የሆነ ነገር ሊጮህ ነው። ሁለቱን በዚህ ምክንያት ለቦራም አይሆኑም ብላ ጣለቻቸው፤ አንደኛው ከሁሉ አስበልጣ የምትወደው ነበር። «ጨው» የሚለውን ስታይ ግን ድምፁ ተቀነሰ፣ ከሴትዮዋ ትከሻ ኋላ ባዶ ቦታ ተተወ፣ ሀዎን ጣቶቿን ጨበጠች፤ ምንም አልመጣም። ሴትዮዋ የባሏን ሾርባ ቀመሰች፣ ማንኪያውን አስቀመጠች፣ ትዕይንቱ አለቀ። ፍርሃቱ መውጫ አጥቶ እዚያው ቀረ። ቦራም የምትፈልገው ይህንን ነው ብላ አሰበች።

የቀረው ችግር ሌላ ነበር። «መጨረሻው ይገለበጣል» ካለቻት ቦራም ከመጀመሪያው ደቂቃ ጀምራ ፍንጭ ትፈልጋለች፤ ፍንጭ የሚፈልግ ሰው ደግሞ አይደነቅም። ስለዚህ ሦስት ፊልም መረጠችላት፤ አንደኛው ቀጥ ብሎ የሚያልቅ።

ዕረፍቱ ገብቶ ነበር። ሀዎን የሦስቱን ስም ዘርዝራ መልእክቱን ጻፈች።

«ሦስት ፊልም አሉ። ከሦስቱ ሁለቱ ይገለበጣሉ፤ የትኞቹ እንደሆኑ አልነግርሽም። ‹ጨው› ውስጥ ሳህን ይሰበራል፤ ግን ቀድሞ የተዋናይዋ እጅ ሲንቀጠቀጥ ታያለሽ፣ ሳታስቢው አይመጣብሽም። በሦስቱም ሌላ የሚያስበረግግ ነገር የለም።»

ቀጥሎ ለምን እንደተሳሳተች መግለጽ ነበረባት። «ስልኬ ተበላሽቶ ነበር» ብላ ጻፈች። እውነት ይመስላል። ቦራም ታምናለች፣ ስለ አንድ ክፍል ቤታቸውም ማንም አያውቅም። ፍራሹ ላይ እናቷ ከነሥራ ካልሲዋ ተኝታለች።

ሀዎን ዓረፍተ ነገሩን አጠፋችው።

«‹ነጩ ክሊኒክ›ን ያየሁት ያለ ድምፅ ነው። ሁሉንም እንደዛ ነው የማየው። እናቴ ቀን ትተኛለች፣ ያለን ክፍል ደግሞ አንድ ነው። እነዚህን ግን ሰምቻቸዋለሁ።»

ላከችው። ካልተነበበ መልእክት ጎን የምትቆመው ቢጫ 1 ቆመች። ሲመሽም ቆማ ነበር። በማግስቱ እናቷ ከሥራ ስትገባ ቁጥሯ ጠፍታለች፤ ቦራም አንብባዋለች። መልስ ግን አልነበረም። ዝናቡ ሳያባራ ሰነበተ። ሀዎን ልብስ አጠበች፣ ሩዝ ቀቀለች፣ የክረምቱን የቤት ሥራ ጀመረች፤ ስልኳን ግን ገልብጣ ማስቀመጥ አልቻለችም።

የቦራም መልስ የመጣው አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው።

«‹ጨው›ን አየሁት። ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጦ ስበረግግ ሊቀርጸኝ ሲጠብቅ ነበር። ሳህኑ ሲሰበር የጮኸው እሱ ነው። ሾርባ መጠጣት አልቻልኩም፣ አንቺ ነሽ ጥፋተኛዋ።» ከዚያ ሌላ አንድ ተከተለ። «እኔ የበረገግሁት ዜሮ ጊዜ። ሁለት ይቀረኛል።»