መጨረሻ ላይ ውረጂ

«መጨረሻው ደርሻለሁ። ገበያ ግን የለም።»

መብረቅ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሦስተኛውን ሳትጀምር ሌላ ገባ። «ታክሲው ጥሎኝ ሄደ። የሚታየኝ ብሎኬት ብቻ ነው። ባትሪዬ ሊያልቅ ነው።»

«አሁን የት ነሽ?» ብላ ጻፈች። መልእክቱ ሄደ፤ ያነበበው ግን የለም። ደወለች፤ አይጠራም።

መብረቅ ስሟ አይደለም። ሰው ተናግሮ ሳይጨርስ ስለምትመልስ ቤተሰቡ ያወጣላት ቅጽል ነው። ዛሬም ያው አመሏ ነው ጉድ የሠራት። ከሰዓት በኋላ የሰፈሩ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ፣ ፎቶዋ የሱፍ አበባ የሆነ አንዲት ልጅ ገብታ፣ «ሰላም ለሁላችሁ! የመጀመሪያ ዓመት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ፣ ለከተማው አዲስ ነኝ። ብርድ ልብስና ባልዲ በርካሽ የት አገኛለሁ?» ብላ ጻፈች። ያ ሁሉ ሰው ያለበት ግሩፕ ጭጭ አለ። አንዱ ብቻ የሚስቅ ፊት ለጠፈላት፤ ባልዲው አስቆት መሆን አለበት። መብረቅን ልጅቷ አንጀቷን በላቻት።

«ሰላም የኔ ቆንጆ፣ እንኳን በደህና መጣሽ!» ብላ መለሰችላት። «አይዞሽ፣ መጀመሪያ ላይ ሁሉም ግራ ይጋባል። ከግቢው በር ስትወጪ አስፋልቱን ተሻግረሽ ታክሲ ያዢ። መጨረሻ ላይ ውረጂ፤ ገበያው እዚያው ነው። የጠሩልሽን ዋጋ እንዳትከፍዪ፣ ግማሹን በያቸው። ከጠፋብሽ ጻፊልኝ፣ አለሁልሽ።»

መልካም መልስ ነበር፤ ራሷም ወዳዋለች። ችግሩ፣ የዩኒቨርሲቲው ግቢ ሁለት በር አለው። ከዋናው በር ተሻግረው የሚይዙት ታክሲ ገበያ ይወስዳል። ከኋላው በር ተሻግረው የሚይዙት ግን ከከተማ ወጥቶ፣ ብሎኬት የሚመረትበት ሜዳ ላይ ነው የሚያበቃው። የሴቶቹ ማደሪያ ደግሞ የሚቀርበው ለኋላው በር ነው። ይህን መብረቅ አሳምራ ታውቃለች፤ የታክሲ ሹፌር ልጅ አይደለች? በየትኛው በር ነው የምትወጪው ብሎ መጠየቅ አንድ ደቂቃ አይፈጅም ነበር።

በመስኮት አየች። ጀምበር ልትጠልቅ ነው። አባቷ ቤታቸው ደጅ ላይ ሚኒባሱን ያጥባል። «ከማታውቂው ሰው ጋር በስልክ ስታወሪ ባገኝሽ፣ ስልኩን እርሺው» ብሏታል፤ ያለውን ደግሞ ያደርጋል። ባለፈው ሴሚስተር ቀምቷት ከጓደኞቿ ጋር ማጥናት እንኳ ተቸግራ ነበር።

ጣቷ መልእክቶቹን «አጥፋ» የሚለው ላይ ቆመ። ማን ያውቃል? ትልቅ ሰው ናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፣ መመለሻ አታጣም። መብረቅ ይህን ለራሷ ነገረቻት፤ ራሷ ግን አላመነቻትም። ጻፊልኝ ብላት ነበር፣ ይኸው ጻፈችላት። ስልኩን ይዛ ወጣች።

«አባዬ።»

«ምን ሰበርሽ?» አለ ከጎማው ቀና ሳይል።

ነገረችው፤ እየተንተባተበች፣ አንዱን ከሌላው እያምታታች። አባቷ ስፖንጁን ጣለና ስልኩን ተቀብሎ አነበበ።

«ድምጿን ሰምተሻል?»

«አልሰማሁም።»

«ታዲያ ሴት መሆኗን በምን አወቅሽ? አበባ ስለለጠፈች?»

መብረቅ እስካሁን ለልጅቷ ነበር የምትፈራው፤ አሁን ልጅቷንም ፈራቻት።

አባቷ በዚያ መስመር የሚሠራ ሹፌር ጓደኛው ጋ ደወለ። «ቦርሳ ያንጠለጠለች ልጅ መጨረሻው ላይ ማውረዱን ነግሮኛል» አለ ሲጨርስ። «ሹፌሮቹ እዚያው ናቸው የሚያድሩት፣ በዚህ ሰዓት የሚመለስ ታክሲ የለም። ተራ አስከባሪውም ቤቱ ገብቷል።» የሚኒባሱን በር ከፈተና፣ «ግቢ። እኔ ውረጂ ሳልል ግን ከመኪና አትወርጂም» አላት።

መንገዱ ረዘመባት። ቤቶቹ እየሳሱ ሄዱ፣ የመንገድ መብራቱም አለቀ። «የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል» አለ አባቷ። የልጅቷ ፎቶ ዓይኗ ላይ ይመጣል፤ አበባ እንጂ ፊት የለውም።

ብሎኬቶቹ ከሰው በላይ ተደርድረዋል። አንዲት ሱቅ ብቻ አምፖል አብርታለች፤ ባለሱቋም መዝጊያውን እያወረደች ነው። አምፖሉ ሥር ቦርሳዋን ያቀፈች ቀጭን ልጅ ቆማለች። ከመንገዱ ማዶ ሁለት ጎረምሶች ብሎኬት ላይ ተቀምጠው እሷን ያያሉ።

አባቷ አቆመና በመስኮቱ ጮኸ። «የኔ ልጅ፣ ነይ ግቢ፣ እናድርስሽ!»

ልጅቷ ወደ ኋላ አለች።

«አይዞሽ ግቢ!»

ጎንበስ ብላ ድንጋይ አነሳች።

መብረቅ ያን ጊዜ ገባት። ባዶ ሚኒባስ፣ ማምሻ ላይ፣ «ግቢ» የሚል የማታውቀው ወንድ። አባቷ ራሱ «እንዲህ የሚልሽ ካለ እግሬ አውጪኝ በዪ» እያለ ነው ያሳደጋት።

«አባዬ፣ ሞተሩን አጥፋው። እኔ ልውረድ።»

አያት። ከዚያ ቁልፉን አዞረ።

መብረቅ ወርዳ መብራቱ የሚደርስበት ቦታ ሄዳ ቆመች። «የጻፍኩልሽ እኔ ነኝ። ብርድ ልብስና ባልዲ።»

«አንቺ መሆንሽን በምን አውቃለሁ?» ተማሪዋ ድንጋዩን አልጣለችም።

መብረቅ ልትመልስ አፏን ከፈተች፤ መልሳ ዘጋችው። እንደ ዛሬ አስባ አታውቅም።

«አታውቂም» አለች በመጨረሻ። «እኔም አንቺን አላውቅሽም፤ እየፈራሁ ነው የመጣሁት። የእናትሽን ቁጥር በቃልሽ ታውቂዋለሽ?» ስልኩን ከፍታ መሬት ላይ አስቀመጠችና ወደ ኋላ ራቀች።

ተማሪዋ ዓይኗን ከመኪናው ሳትነቅል አነሳችው። ቁጥሩን መታችና «እማዬ» አለች። ካወራች በኋላ ስልኩን ወደ መብረቅ ዘረጋች፤ ድምፁ ለሁሉም ይሰማል።

«የማን ልጅ ነሽ አንቺ?» አለች እናትየው።

«የታክሲ ሹፌር ልጅ ነኝ፣ እማማ። ያሳሳትኳት እኔ ነኝ። የት እንዳለች ሳልጠይቅ መንገድ ነገርኳት።»

«አባትሽን አቅርቢልኝ።»

አባቷ ወርዶ መጣ። «እናቴ፣ እኔም የሴት ልጅ አባት ነኝ» አለ። መብረቅ ድምፁ እንዲህ ዝቅ ሲል ሰምታ አታውቅም።

«ይሁን። ታርጋውን ግን አንተ አትንገረኝ። ልጄ ራሷ አይታ ታንብብልኝ።»

ተማሪዋ በመብራቱ አጎንብሳ ቁጥር በቁጥር አነበበች። «እኔም ይዤዋለሁ!» አለች ባለሱቋ ከመዝጊያው ጀርባ። ጎረምሶቹ ተነስተው ወደ ጨለማው ገቡ።

«ስልኩ እንዳይዘጋ» አለች እናትየው።

ተማሪዋ ከበሩ አጠገብ ተቀመጠች። መብረቅ ከአባቷ ጎን ያለውን ወንበሯን ትታ ከኋላ ገባች፤ በመሀላቸው አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ተወች። ሞተሩ ተነሳ። ድንጋዩ አሁንም ተማሪዋ እጅ ውስጥ ነው፤ ጣዪው ያላት የለም።

«የት ደረሳችሁ?»

መብረቅ በመስኮቱ ወደ ጨለማው አየች። እርግጠኛ እስክትሆን ጠበቀች።

«ድልድዩን አሁን አለፍን፣ እማማ። ቀጥሎ ነዳጅ ማደያው ነው፤ ስንደርስ እነግርዎታለሁ።» ወደ ተማሪዋ ዞረች። «በየትኛው በር እናውርድሽ?»

«መብራት ባለበት።»

«መብራት ባለበት፣ አባዬ» አለች መብረቅ፤ ከዚያም ማደያው ሲመጣ ነገረቻቸው፣ ቀጥሎ ያለውንም፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለውንም።