የከሰሉ ድርሰት

ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ፋና ገና አርባ ወረቀት ነበር ያረመችው። ሃያ አራት ቀርቷታል። መብራት ጠፍቶ ስልኳን ብርጭቆ ላይ አስደግፋ በባትሪዋ ታርማለች። የእንጅባራ ብርድ ጋቢውን አልፎ ትከሻዋን ይዟታል። ዓይኗ ይቆጠቁጣል።

የማታ ተማሪዎች የአማርኛ ፈተና ነው፤ አከራካሪ ድርሰት። ርዕሱ «ከሰል ማክሰል አገር ያራቁታል፤ ተሟገቱ» ይላል። አርባውም ያንኑ ጽፈዋል፦ ዛፍ ይቆረጣል፣ ዝናብ ይጠፋል፣ በረሃ ይስፋፋል። እሷው ሰሌዳ ላይ የጻፈችውን መልሰው ሰጧት። አሁንስ ጽሑፉን ሳታይ ማርኩን ብትጽፍ የምትሳሳት አይመስላትም።

ስም አታይም። ለማንም እንዳታደላ ብላ ስም ያለበትን ጥግ አጥፋ በስቴፕለር ትመታዋለች።

አርባ አንደኛው እንዲህ ይጀምራል፦ «ከሰል ቢከለከል የሚጠፋው ከሰሉ አይደለም፣ ደኑ ነው።»

ፋና ቀና አለች። ከላይ ጀምራ ደግማ አነበበችው።

ጸሐፊው የአባቱ ተዳፋት ጤፍ እምቢ ብሎ ራቁቱን እንደቀረ ይናገራል። ደከረንስ የሚባለውን ፈጥኖ የሚያድግ የግራር ዛፍ ችግኝ ተከሉበት። በመጀመሪያው ዓመት በችግኙ መሀል ጤፍ ዘሩ፤ ከዚያ ከሥሩ ሣር ለከብት አጨዱ። በአምስተኛው ዓመት ቆርጠው አከሰሉት፤ ከሰሉ የተቃጠለበት መሬት ላይ መልሰው ጤፉንም ችግኙንም አደረጉበት። «ገዢ ባይኖር ማን ይተክል ነበር?» ይላል። ቀጥሎም፦ «በጥርባ በኩል ያለውን የጥንት ደን የሚቆርጥ ግን ይታሰር። የተከሉትንና ያልተከሉትን በአንድ ሕግ መዳኘት ነው ስህተቱ።»

በማረሚያ መስፈርቱ ብትሄድ «ጉዳቱን ይዘረዝራል» ለሚለው አራት፣ ለማስረጃው አራት ትቀንስበታለች። ይወድቃል። መመሪያው ግን ተሟገቱ ነው የሚለው።

መግቢያ ሁለት፣ መከራከሪያ አራት፣ የተቃራኒን ሐሳብ ማንሳት ሦስት፣ ሁሉንም ሞላችለት። ከማስረጃ አንድ ቀነሰች፤ መሬቱ ጤፍ ጥሩ ያበቅላል አለ እንጂ ስንት ኩንታል እንደሆነ አልጻፈም። ከአጻጻፍም አንድ። አስራ ሦስት ከአስራ አምስት።

የሌላውን ስም ሳታይ የዚህን ብቻ ገለጠችው። አዝመራው።

ጋቢዋ ከትከሻዋ ወረደ፤ አላነሳችውም። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ከዳንግላ ስትመጣ ሚኒባስ ውስጥ የተዋወቀችው ሰው ነው። ሦስት ወር አብሯት ተመላልሶ እንጋባ አላት። እሷም ታላቅ ወንድሟን ፈርታ፣ «አንተ ከዘጠነኛ ያቋረጥክ ገበሬ፣ እኔ አስተማሪ፤ ምን እናወራለን?» አለችው። መመላለሱን ተወ። በመስከረም በምታስተምረው የማታ ዘጠነኛ ክፍል የኋላ ወንበር ላይ አየችው። ከዚያ ወዲህ እርስዎ ይላታል።

አሁን ማርኩን ፈራችው። ሳታውቅ የእጅ ጽሑፉን ለይታው ቢሆንስ? ልቧ አድልቶ ቢሆንስ? እስኪነጋ አልተኛችም።

ጠዋት ጥጉን መልሳ መትታ፣ ማርኩን በሌላ ወረቀት ይዛ፣ የአማርኛ ክፍል ኃላፊው ጋ ሄደች።

«ጋሽ ወገኔ፣ ይቺን ያርሙልኝ።»

አነበቡ። «በማረሚያ መስፈርቱ ከሰባት አይበልጥም። ጉዳቱ የታል?»

«ተሟገቱ ብለን የለ? ተሟገተና!»

«አንቺ ደግሞ ከያዝሽ አትለቂም።» መነጽራቸውን ጠርገው እንደገና አነበቡ። «አባቴም እንዲሁ ነው የተከሉት» አሉ ቀስ ብለው። አስራ ሁለት ጻፉ። ስሙን ገልጠው ሲያዩ ሳቃቸው አመለጣቸው። «ይሄ ያ እንጋባ ያለሽ ገበሬ አይደለም?»

«ለዚህ ነው እርስዎ ጋ ያመጣሁት።»

የሁለታቸው አማካይ አስራ ሁለት ተኩል ሆነ።

ማታ ወረቀት ስትመልስ አዝመራው ሁሉም እስኪወጣ ቆየ።

«ቲቸር፣ ከማስረጃው ለምን ተቀነሰብኝ?»

«ስንት ኩንታል እንደተገኘ አልጻፍክም።»

«ስምንት ነው።»

«እዚህ ለእኔ ብትነግረኝ ምን ይሠራል? እዚያ ነበር መጻፍ።»

ሳቀ። ከክረምት ወዲህ ሲስቅ ያየችው አሁን ነው። ጎንበስ ብላ ጠመኔዋን ለቃቀመች።

«አዝመራው፣ ከነገ ጀምሮ ወደ መምህር አበረ ክፍል ተዛወር።»

ፊቱ ጠቆረ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ወረቀትህን ከእንግዲህ እኔ ማረም የለብኝም። ከተዛወርክ በኋላ ወንድሜ ጋ ሽማግሌ ላክ። እምቢ ይላል። መልሰህ ላክ።»

አዝመራው ወረቀቱን አጥፎ ደረት ኪሱ ከተተ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞረ።

«ስንት ጊዜ ልላክ?»

«እሺ እስኪል» አለችው። «እኔ እዚሁ ነኝ።»