ወሰን ገፊው

«ይህ ሰውዬ ለምን ክፉ ሆነ?» አሉ መምህር ወርቁ፣ የትርንጎን ደብተር እያገላበጡ።

ትርንጎ ለድራማ ክበቡ የጻፈችው ቴአትር ውስጥ አንድ ገበሬ አለ። የጎረቤቱን ማሳ ወሰን ይገፋል፤ ይስቃል፤ እንደገና ይገፋል።

«ክፉ ስለሆነ ነዋ፣ ቲቸር።»

«እሱ ግን ራሱን ክፉ ነኝ አይልም። ምን ደርሶበት ነው? ደግሞስ ምን ቢመጣ የማያደርገው ነገር የትኛው ነው? እሱን ፈልጊና ዓርብ አምጪልኝ።»

ገበሬውን የቀዳችው ከጋሼ ባዩ ነበር፤ እብናት አካባቢ ይኖሩ ከነበሩት ከአያቷ ጎረቤት። አያቷ እስኪሞቱ ድረስ ክረምቱን የምታሳልፈው እዚያ ነበር። የእርጥብ ገብስ ሽታ፣ ጉሙ፣ አያቷ «ነይ እስቲ እሸት ጠብሰሽ ብዪ» ሲሏት ሁሉ ትዝ ይላታል።

ቤት ስትደርስ አባቷ እሸቴ ድንች እየላጠ ነበር። ስለ ቴአትሩ ነገረችው።

«ባዩን ነው የጻፍሽው? ደግ አደረግሽ» አለ። «ሰው ሁሉ ይፍረድበት። አያትሽ በሱ ጣጣ ስንት ጊዜ ፍርድ ቤት ተመላልሰዋል።»

«ግን አባዬ፣ ለምን እንደዚያ ሆነ?»

አባቷ ቢላውን አስቀመጠ። «ስምንት ዓመቱ ሳለ አባቱ ሞተ። አጎቶቹ ሐዘኑ ሳይወጣ መሬቱን ተካፈሉት። እናቱ ወሰን ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ፣ ሁላችንም እያየን አለፍን። ካደገ በኋላ ያገኘውን ሁሉ ገፋ። የኛንም።»

«ያልነካው የለም?»

«የእትዬ ዘነበችን አልነካም። ባል የሞተባቸው ናቸው። ማሳቸው በሱ ሁለት ማሳዎች መሀል ነው፤ ቢወስደው ይገጥምለት ነበር። ግን እወሰናቸው ሲደርስ በሬዎቹን ይፈታል፤ ሞፈሩን ተሸክሞ ዙሪያውን ይሄዳል።»

ትርንጎ ይህን በዓይኗ አይታዋለች። በጉም ውስጥ ሞፈር ተሸክሞ የሚዞር ሰው። ያኔ ሞኝ መስሏት ስቃበታለች።

በማግስቱ መጀመሪያ ሳቁን ሰረዘች። ወሰን ሲገፋ «የአባቴን ነው የማስመልሰው» እንዲል አደረገች። ከዚያ ባል የሞተባቸው ሴት ማሳ አጠገብ አቆመችው። ወሰኑን አለመንካት ቀላል እንዳይሆንበት ዝናብ አስመጣችበት፤ አንዱን በሬ አንካሳ አደረገችበት፤ ልጁን «ማን ያየናል?» አስባለችው። ሰውዬው በሬዎቹን ይፈታል።

አባቷ አንብቦ ሲጨርስ ፊቱ አልተፈታም። «ሰው ሊያዝንለት ነው እኮ።»

«የአያቴን ወሰን ሲገፋም ያዩታል። ያን ክፍል አልሰረዝኩትም።»

አባቷ ደብተሩን ዘጋው። «ስሙን ግን ቀይሪው» አለ። «በሕይወት አለ።»

«ቀይሬዋለሁ።»

ደብተሩን መለሰላት። «ሞፈሩን በግራ ትከሻው ነበር የሚሸከመው። ቀኙን በልጅነቱ ተሰብሮ ነበር።»

ትርንጎ እስክሪብቶዋን አነሳችና ጻፈችው።