ዝናብ የሌለበት ስንብት

ኤቦ አምፒያ ሞቶ የተገኘው ዕድሜውን ሙሉ ሲጽፍበት በኖረው ዓይነት ጠረጴዛ ላይ ነው፤ በግንባሩ ተደፍቶ። በቀኙ በኩል ከአበባ የሚፈላው የሶቦሎ መጠጥ እስከ ግማሽ የተጠጣበት ብርጭቆ ነበር። ከቀዩ መጠጥ ሥር ነጭ ዝቃጭ ተቀምጧል። ከቤቱ የመድኃኒት ሣጥን ውስጥም የእንቅልፍ ኪኒን ማሸጊያው ባዶውን ተገኘ። ሣጥኑ ሁሉም የሚያውቀው፣ ሁሉም የሚከፍተው ነው።

ኢንስፔክተር ማኑዬ በስልክ ተጠርታ፣ የቮልታን ወንዝ በጀልባ ተሻግራ ደሴቲቱ ላይ የደረሰችው ረፋዱ ላይ ነበር። ባለጀልባው አወረዳትና ወንዙን አየት አደረገ። «ማዳም፣ እኔ ዛሬ አልመለስም። ይሄ ወንዝ ካበደ ዘመድም አያውቅ» ብሎ ቀዘፈ። እሷም ከሬሳውና ከሦስት ሰዎች ጋር ውኃ መሐል ቀረች። ቀትር ሳይሞላ ስልኩም ኔትዎርክ አጣ።

ሦስቱ ሰዎች ግን ደሴቲቱ ላይ የታገቱት እሷ ከመምጣቷ በፊት ነው። ላምፕቴ የሚባለው የቴሌቪዥን ድራማ አዘጋጅ ቤቱን ተከራይቶ ጸሐፊዎቹን አምጥቶ አስገባና በዚህ ሳምንት የቤቱን ጀልባ ወደ ማዶ ላከው። ድራማው ሳይጠናቀቅ የሚወጣ የለም ማለቱ ነበር። ዋናው ጸሐፊ ሟቹ ኤቦ ሲሆን፣ አራባ የረጅም ዘመን የሥራ ባልደረባው ናት። ፉሴይኒ ደግሞ ከተዋናይነት ወደ ጽሕፈት የመጣ የሰሜን ሰው ነው።

ሊነጋጋ ሲል ከኤቦ ስልክ ለሦስቱም የድምፅ መልእክት ደርሷቸዋል። ማኑዬ መስኮቱ አጠገብ ቆማ ሰማችው። ድምፁ ያለ ጥርጥር የኤቦ ነው፦

«ደክሞኛል። ከእንግዲህ መኖር አልፈልግም። ማንንም አልወቅስም። ይቅር በሉኝ።»

መጨረሻው ላይ አንዲት አጭር ትንፋሽ ተሰማች፤ ሊቀጥል አፉን የከፈተ ሰው ትንፋሽ። ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ። ማኑዬ ደጋግማ ሰማችው። ከራሷ በላይ የቆርቆሮው ጣሪያ በዝናቡ ይደበደብ ስለነበር ስልኩን ጆሮዋ ላይ መለጠፍ ነበረባት።

መጀመሪያ ያነጋገረችው ላምፕቴን ነው። ሸሚዙን አስተካክሎ ተቀመጠ፤ ሳይጠየቅ ጀመረ።

«ማዳም ኢንስፔክተር፣ ኤቦ ወንድሜ ነበር። በጣም አዝኛለሁ። ተስፋ ቆርጦ እንደነበር አውቃለሁ፤ ልረዳው ሞከርኩ፣ አልቻልኩም። ትናንት ከሰዓት እኔ ተኝቼ ነው የዋልኩት። ያየሁት እራት ላይ ብቻ ነው። ከዚያ ወደ ክፍሌ ገባሁ።»

ሁሉም በቅደም ተከተል የተሰደረ ነበር። ማኑዬ አመሰገነችው። ስትወጣ ግን የሚጨበጥ አንድም ነገር እንዳልሰጣት ተሰማት።

ፉሴይኒን በረንዳው ላይ አገኘችው።

«ትናንት ከሰዓት የት ነበርክ?»

«ወንዙ ትናንት ገና ጠይም ነበር» አለ ውኃውን እያየ። «ዛሬ ነው እንዲህ የቀላው።»

«ስለ ወንዙ አልጠየቅኩህም።»

«እዚህ ቤት ከወንዙ ሌላ ምን አለ ብለሽ ነው?»

ማኑዬ አልተጫነችውም። የወንዙን ቀለም እንዲህ ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከሰዓቱን ከቤት ውጭ እንደዋለ ገብቷታል።

አራባ ወጥ ቤት ነበረች፤ ኬንኬውን፣ የተቀቀለውን የበቆሎ ሊጥ፣ ከቅጠሉ እየፈታች። መልእክቱ እንደደረሳት እየሮጠች ወደ ኤቦ መጻፊያ ክፍል የገባችው እሷ ናት። እጁን ስትይዘው በርዶና ገትሮ እንደ እንጨት ሆኖ እንዳገኘችው በረጅሙ ተነፈሰችና ነገረቻት። ማኑዬ ያን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

«ትወጂው ነበር?» አለቻት በኋላ።

«ሶቦሎ ሲጠጣ ስኳር አይወድም ነበር» አለች አራባ። «ብዙ ዓመት ቀድቼለታለሁ። አንድ ቀን ስኳር ጨምሬበት አላውቅም።»

ማኑዬ መልሱ ደረሳት። ቀጥላ እሷና ኤቦ ምን እየጻፉ እንደነበር ጠየቀቻት። አራባም እጇን ጠርጋ አብራራችላት። ትዕይንቱ አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ ላይመለስ ወደ ባሕር ሲወጣ ሚስቱን የሚሰናበትበት ነው። ሊሞት መሄዱን ከተናገረ ሚስቱ እግሩ ላይ ትጠመጠማለች፤ ስለዚህ ሊናገረው አይችልም። ዝም ብሎም መሄድ አይሆንለትም፤ ሊሰናበታት ይፈልጋል። ንግግራቸው የሚወለደው ከዚህ ጭንቅ ነው።

«እና ምን ይላታል?»

አራባ ሁለቱንም ሆና አሰማቻት።

«የጎረቤት ፍየል አጥራችንን እየበላች ነው። ነገ አስጠግኚው።»
«አንተስ?»
«እጄን ያመኛል።»
«እራትህን ልክደነው?»
«ለልጁ ስጪው።»

«ሞት የሚል ቃል የለበትም» አለች ማኑዬ።

«የለበትም። ግን ተመልካቹ ከዚህ በፊት ባለው ትዕይንት መረቡን ለሰው ሲሰጥ አይቶታል። ይሄ የግድ ነው፤ ያን ሳያይ ቢሆን የፍየል ወሬ የፍየል ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር። ኤቦ ‹ተመልካቹ አስቀድሞ ካላወቀ የደበቅከው ነገር ጥልቀት ሳይሆን ጉም ነው› ይል ነበር። ደሞ እያት፤ እሷም ገብቷታል። ‹አትሂድ› ማለት ስላልቻለች ‹እራትህን ልክደነው› አለችው። ትመለሳለህ ወይ ማለቷ ነው። እሱም መለሰላት።»

«ከዚህ ሁሉ የትኛው ቃል ነው የሚያጋልጠው?»

«‹ነገ አስጠግኚው› ያለው። ነገ ቢኖር ራሱ ያስጠግነው ነበራ። ሁሌ አንድ ቀዳዳ ይቀራል። በደንብ የሚደብቅ ሰው እንኳ ከሚሸሸው ነገር አጠገብ መዞሩ አይቀርም፤ ጨርሶ ርቆ መሄድ አይሆንለትም። ሰው የሚያመውን በቀጥታ የሚናገረው ወይ ጨርሶ ሲሰበር ነው፣ ወይ መጥፎ ድርሰት ውስጥ ነው።»

ማኑዬ የሰምና ወርቅ ነገር በጆሮዋ እያቃጨለ በረንዳው ላይ ብቻዋን ተቀመጠች። ሁለቱ ሰዎች በወንዝና በሶቦሎ ዙሪያ ሲዞሩ አይታቸዋለች። ከሥሩ የሆነ ነገር ነበራቸው። የላምፕቴ ንግግር ግን ሥር አልነበረውም፤ እንደ ተጠና ቃል ነበር። ቢሆንም ልሳነ ርቱዕ ሁሉ ነፍሰ ገዳይ አይደለም። በዚህ ብቻ ማንንም ማሰር አይቻልም። ገዳዩ ማንም ቢሆን፣ ጀልባ እስኪመጣ እዚሁ ከእነሱ ጋር ታፍና መጠበቅ አለባት። ውኃው ወደ በረንዳው የሚያወጣውን መሰላል የታችኛ ደረጃ ውጦታል።

ወደ አራባ ተመልሳ ትናንት ከሰዓት ፉሴይኒን የት እንዳየችው ጠየቀቻት። አራባ ስለ ኬንኬው አወራች፤ ስለ ቅጠሉ አወራች። በመጨረሻ ግን እሷና ፉሴይኒ ከሰዓቱን ሙሉ ወንዙ ዳር ቆመው አላፊውን ባለጀልባ ሁሉ ሲለምኑ እንደዋሉ አመነች። ሊያመልጡ ነበር። ኤቦን ጥለውት መሄዳቸው ስላሳፈራቸው ነው የደበቁት። ማንም ሳይወስዳቸው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ዝናቡ ያዛቸውና ተመለሱ። ዝናቡም ከዚያ ወዲህ ለአንዲት አፍታ እንኳ አላባራም።

ማኑዬ ሦስቱንም ጠረጴዛው ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ሬሳው ወደ መኝታ ክፍል ተዛውሮ ነበር። ስልኩን መሐል አስቀምጣ መልእክቱን አሰማቻቸው። ከዚያ ስለ ሞቱ ምንም ሳታነሣ እንደ ተራ ተመልካች ማውራት ጀመረች።

«እኔ ድርሰት አላውቅም» አለች። «ግን ይሄ ንግግር ቀሽም አይደል? ደክሞኛል፣ መኖር አልፈልግም... የትምህርት ቤት ልጅ ነው የጻፈው የሚመስለው።»

አራባ አቀረቀረች። ፉሴይኒ «ኤቦ እንዲህ አይናገርም» አለ።

«እኔም ያልኩት ይሄንን ነው» አለች ማኑዬ ለላምፕቴ ፈገግ ብላ። «አንተ አዘጋጅ ነህ፤ ታውቀዋለህ። እንዲህ ያለ መስመር አየር ላይ ቢውል ሕዝቡ አይስቅም?»

የላምፕቴ የአንገት ደም ሥር ተገተረ። «ሕዝቡ ቅኔ አይፈታም፣ ማዳም። ሠርቶ ደክሞት የሚገባ ሕዝብ ነው። እንዲህ በግልጽ ሲነገረው ነው የሚያለቅሰው። ሚስትየዋም ሰምታ ስትወድቅ፣ አገር ያለቅሳል።»

ማኑዬ በጣሪያው ድብደባ መሐል እንድትሰማ ወደ እሱ ጠጋ አለች።

«የትኛዋ ሚስት?» አለች ማኑዬ።

ላምፕቴ ዞሮ አራባን አየ።

«ኤቦ ሚስት የለውም። መልእክቱም ‹ይቅር በሉኝ› ነው የሚለው። እኛ ሁላችን የሰማነው የሚሞት ሰው ስንብት ነው። ሚስት የምትሰማው ስንብት ግን አንድ ብቻ ነው፤ የዓሣ አጥማጁ። ይሄ መስመር የድራማው መሆኑን ማን ነገረህ?»

«አራባ ነግራኝ...»

«እኔ አላውቀውም» አለች አራባ በቀስታ። «የእኛው ስለ ፍየል ነው።»

ማኑዬ ድምፅዋን ሳትጨምር ነገሩን አንድ በአንድ ዘረዘረችው። መልእክቱ የተላከው ሊነጋጋ ሲል ነው፤ አራባ ወዲያው ገብታ የያዘችው እጅ ግን በርዶ የገተረ ነበር። ሬሳ መልእክት አይልክም። ስለዚህ የላከው ሌላ ሰው ነው። ቀጥሎ፣ በዚህ ቤት ከትናንት ምሽት ጀምሮ ከዝናቡ ጩኸት የተነሣ ጣሪያው ሥር ሰው ተደማምጦ አልተነጋገረም፤ መልእክቱ ውስጥ ግን የዝናብ ጠብታ እንኳ አይሰማም። ስለዚህ የተቀዳው ዝናቡ ሳይጀምር፣ ከሰዓት ነው። በዚያን ሰዓት ሁለቱ ወንዙ ዳር ነበሩ። ከኤቦ ጋር ቤት የቀረው አንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሱም ተኝቼ ነበር ያለው።

«ረቂቁን የጻፍከው አንተ ነህ። እሱም እንዴት እንደሚሰማ ሊያሳይህ ድምፁን ቀድቶ አነበበልህ። መጨረሻ ላይ ያለችው ትንፋሽ እርማቱን ሊጀምር ሲል ነው። አንተ እርማቱን ቆርጠህ መስመርህን አስቀረኸው። የማይገባኝ ለምን እንደሆነ ነው።»

መልሱን የሰጠችው አራባ ናት። ድራማው ለዓመታት የወጣው በላምፕቴ ስም ነው። ደራሲ እየተባለ የተጨበጨበለት እሱ ነበር፤ ኤቦም ዝም ብሎ ኖረ። በዚህ ሳምንት ግን ከደሴቲቱ ስንወጣ እውነቱን እናገራለሁ ብሎት ነበር። ላምፕቴ ጀልባውን የላከው ያን ዕለት ነው።

«ምነው እሺ ባለኝ» አለ ላምፕቴ፤ ለማንም አልነበረም የሚያወራው። «አንድ መስመር። በገዛ እጄ የጻፍኳት አንዲት መስመር ትግባ አልኩት። ሣቀ። ክፉ ሣቅ እንኳ አልነበረም።» ሶቦሎውን ማን እንዳቀረበለት ስትጠይቀው ደግሞ እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ አቀረበላት። ካቴናውን አሰረችለት።

ጀልባ ግን አልነበረም። ወንዙ እስኪጎድል ገዳዩም፣ መርማሪዋም፣ ሐዘንተኞቹም አንድ ጣሪያ ሥር መቆየት ነበረባቸው። ፉሴይኒ ወደ በረንዳው ሄደና ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። የሚሄድበት ሌላ ቦታ አልነበረም።

አመሻሹ ላይ አራባ ኬንኬና የተጠበሰ ዓሣ ይዛ መጣች። ሳሕኖቹን ለየሰዉ አስቀመጠች። ላምፕቴ ፊት ስትደርስ ቆመች። ማኑዬ ልትነሣ ወንበሯን ገፋ አደረገች፤ አራባ ግን የእሱንም ሳሕን በቀስታ አስቀመጠችለት። በታሰሩ እጆቹ እንዲደርስበትም ጠጋ አደረገችው።

«አጥንት አለው» አለችው። «ቀስ ብለህ ብላ። ገና ረጅም ጊዜ ትኖራለህ።»

ላምፕቴ ቀና ብሎ አያት። በዚያ ቤት ውስጥ ከተነገረው ሁሉ ይህን አንዱን፣ ምን ማለት እንደሆነ ሳይነገረው ገባው። እጁን ወደ ሳሕኑ አልዘረጋም።